«አንዲት አባል» ብለን ስንጽፍ
(ደብረ ማርቆስ ላይ ለማኅበራትና ለእድር ጸሐፊዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከአማኑኤል ድረስ የመጣችሁ አላችሁ። መንገዱን ስለማውቀው እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።

እዚህ የተቀመጥነው አብዛኞቻችን ጸሐፊዎች ነን። የእድር፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የወላጅ መምህራን ኅብረት ጸሐፊዎች። ድሮ ሥራችን ቃለ ጉባኤውን መዝገብ ላይ ጽፎ፣ አስፈርሞ፣ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ነበር። ማየት የፈለገ አባል መጥቶ ያያል። አሁን ግን ስብሰባው ባለቀ ማግስት «ቴሌግራም ላይ ልቀቅልን» ይባላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ገንዘቡ የአባላቱ ነው፣ ውሳኔውም የእነሱ ነው። ችግሩ ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ተብሎ የተጻፈ ገጽ፣ እንደተጻፈ ሦስት መቶ ስልክ ውስጥ መግባቱ ነው።

ዛሬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው የማወራው። ቃለ ጉባኤ ለብዙ ሰው ከመሰራጨቱ በፊት የሰዎችን ገመና እንዴት እንሸፍናለን? «ስም ማጥፋት» እንዳልል፣ ቃሉ በእኛ ቋንቋ ሌላ ከባድ ትርጉም አለው። ስለዚህ «መሸፈን» እላለሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ለረጅም ጊዜ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ለአባላት አወጣሁ። ብድሯ እንዲራዘምላት የጠየቀች አባል ነበረች። ስሟን አውጥቼ «አንዲት አባል» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ማን እንደሆነች ገበያው ሁሉ አውቆት ነበር። የባሏ ሕመም፣ የዕዳዋ መጠን፣ ዋሷ ምን እንዳለ፣ ሁሉም ወጣ። ስሟ ግን ገጹ ላይ አንድም ቦታ የለም።

ያን ገጽ ዛሬ አብረን እንየው። ማንነቷ እንዳይታወቅ ብዬ አንዳንድ ነገር ቀይሬዋለሁ። መዝገቡ ላይ ያለው እንዲህ ይነበባል።

«አጀንዳ 3፦ ወ/ሮ እገሊት፣ የአባልነት ቁጥር 147፣ ገበያ ዳር ጠላ ቤት ያላት፣ ከወሰደችው 85,000 ብር ውስጥ 52,000 ብር እንደቀራት፣ ባሏ በኩላሊት ሕመም ለእጥበት በሳምንት ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር ስለሚመላለስ መክፈያ ጊዜው በ6 ወር እንዲራዘምላት ጠየቀች። ዋሷ አቶ እገሌ፣ ‹እሷ ካልከፈለች ዕዳው እኔ ላይ ነው የሚመጣው› ብለው ተቃወሙ። ኮሚቴው በ5 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ እንዲራዘም ወሰነ።»

እኔ ያደረግሁት «ወ/ሮ እገሊት፣ የአባልነት ቁጥር 147» የሚለውን በ«አንዲት አባል» መተካት ብቻ ነው። ሌላው እንዳለ ወጣ። አሁን የቀረውን እንቁጠር።

መጀመሪያ «አንዲት» ራሷ ሴት መሆኗን ትናገራለች። «ጠየቀች»፣ «እንደቀራት»፣ «ባሏ»፣ «ዋሷ»፣ ሁሉም ይናገራሉ። አማርኛ ግሱ ውስጥ ጾታ ይሸከማል። ስሙን ብታወጡትም ግሱ ይመሰክራል። በማኅበራችን ብድር ከወሰዱት ውስጥ ሴቶቹ ከወንዶቹ በጣም ያንሱ ነበር። ስለዚህ «ጠየቀች» ባልኩ ጊዜ አንባቢው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አባል ከጥርጣሬ አወጣ። ከዚያ «ጠላ ቤት» አለ። ገበያ ዳር ጠላ ቤት ኖሯቸው አባል የሆኑ ሴቶች ስንት ናቸው? ሦስት ነበሩ። ከዚያ «ባሕር ዳር» እና «እጥበት»። አለቀ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ይሄን ማስተዋል ለእኛ ከባድ ሊሆን አይገባም ነበር። የምንኖረው በዋሸራና በጎንጅ አገር ነው። ሰሙን ገፎ ወርቁን ማውጣት እዚህ በተማሪ ቤት ይማሩታል፣ ያልተማረውም ጆሮው ለምዶታል። እንዲህ ያለ አንባቢ ፊት ስም ብቻ ሸፍኖ ማቅረብ ፍቱልኝ ብሎ እንደመስጠት ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱም እዚያው አማርኛው ውስጥ አለ። አንቱታ ነው። «ጠየቁ»፣ «ቀራቸው»፣ «ዋሳቸው» ስንል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። «ባል» እና «ሚስት» ይለያሉ፣ «ባለቤት» ግን ለሁለቱም ነው። «አንድ አባል» ብሎ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በአንቱታ መሄድ ነው። መጽሐፍ ከሚያስተምረን ይልቅ እናቶቻችን ያስተማሩን አክብሮት እዚህ ገመና ይሸፍናል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሁሉንም ሰው በአንቱታ ጻፉ። አንዱን «ጠየቀ»፣ ሌላውን «ጠየቁ» ብትሉ ዕድሜ ትነግራላችሁ። ወጣቱና ሽማግሌው ይለያሉ። ማዕረግም እንደዚሁ ነው። «አንድ ቄስ»፣ «አንድ መምህር»፣ «አንድ ሾፌር» አትበሉ። ከተማችን ትንሽ ናት። አንድ አይሱዙ ያለው አባል አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ገንዘቡ። «85,000 ብር» ምን ክፉ ነገር አለው ትሉኝ ይሆናል። አለው። ከዓመት በፊት ብድሩ ሲፈቀድ ያወጣነው ቃለ ጉባኤ አሁንም እዚያው ቴሌግራም ላይ አለ። እዚያ ስሟ ከ85,000 ብር ጋር ተጽፎ ነበር። አንድ አባል ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሁለቱን ገጽ አጠገብ ለአጠገብ ቢያደርግ በቃው። የዛሬውን ስትሸፍኑ ትናንት ያወጣችሁትን አስታውሱ። አንባቢው የሚያነበው አንድ ገጽ አይደለም፣ የተጠራቀመውን ነው።

ግን ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ብንሰውረውስ? እሱም ልክ አይሆንም። አባላቱ ስንት ብራቸው በጊዜው እንደማይመለስ የማወቅ መብት አላቸው። ስለዚህ ድምሩን ስጧቸው። በዚያ ስብሰባ ሦስት ብድሮች ተራዝመው ነበር። 52,000፣ 31,000 እና 35,000። ድምሩ 118,000 ብር ነው። «በዚህ ስብሰባ መክፈያ ጊዜያቸው የተራዘመላቸው ሦስት ብድሮች ቀሪ ዕዳ በድምሩ 118,000 ብር ነው» ማለት ለአባላቱ የሚበቃ መረጃ ነው። ማኅበሩ ምን ያህል እንደተጋለጠ ያሳያል። የማንም ቤት ውስጥ አይገባም። ብድሮቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን ተጠንቀቁ። አንደኛው ተበዳሪ የራሱን ያውቃል፣ ከድምሩ ቀንሶ የሌላኛውን ያገኛል። አንድ ብቻ ከሆነማ ድምር የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን እኔ ውሳኔውን ብቻ አወጣና ገንዘቡን በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ከሌሎች ጋር ደምሬ አቀርበዋለሁ።

ሕመሙን በተመለከተ ምንም አልደራደርም። ይሰረዛል። ለአባላቱ ውሳኔ የሚያስፈልጋቸው «በቤተሰብ ላይ በደረሰ ችግር ምክንያት» የሚለው ነው። ኩላሊት ይሁን ሌላ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ይሁን፣ ሆስፒታሉ የት ይሁን አያስፈልጋቸውም። ደግሞ አስቡት፣ ታማሚው ባሏ ነው። እሱ አባል እንኳን አይደለም። ስብሰባው ላይ አልተገኘም፣ ቃሉን አልሰጠም፣ ስለ ሰውነቱ ግን ሦስት መቶ ሰው አነበበ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ስለ ጤና የሚናገር መረጃን ከሌላው ለይቶ በጥብቅ እንዲያዝ ያዛል። ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። ከኮሚቴ ጋር ስትከራከሩ በእጃችሁ ይኑር ብዬ ነው።

የዋሱ ንግግርስ? ቃል በቃል መጻፉ ለመዝገቡ ጥሩ ነው። ለሚሰራጨው ግን ንግግሩም ሰውን ያሳያል። አነጋገራችንን ሁላችንም እናውቃለን። «እሱ ነው እንዲህ የሚለው» ይባላል። ደግሞም ሁለት ጎረቤቶች ተጣልተው ይቀራሉ። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን አስቀምጡ፣ ቃሉን ተዉት።

ድምፅ አሰጣጡ ይቆያል። 5፣ 1፣ 1 የሚለው የኮሚቴው ሥራ ነው። ማን እንደተቃወመ ግን አይጻፍም።

ተሸፍኖ የተዘጋጀው ቅጂ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ።

«አጀንዳ 3፦ አንድ አባል በቤተሰብ ላይ በደረሰ ችግር ምክንያት የቀሪ ብድራቸው መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምላቸው ጠየቁ። ከዋስትና በኩል ያለው ስጋት ተነሥቶ ውይይት ተደረገበት። ኮሚቴው በ5 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ በ6 ወር እንዲራዘም ወሰነ።»

ይሄን ያነበበ አባል ምን ተወሰነ፣ ለምን፣ እንዴት የሚለውን ያውቃል። ማን የሚለውን ግን ከዚህ ገጽ አያገኝም። ስብሰባው ላይ የነበሩት ሰባት ሰዎች ያውቃሉ፣ እሱን ወረቀት አይሸፍነውም። ኮሚቴው የሰማውን ይዞ እንዲቆይ በቃል ማሳሰብ የሰብሳቢው ሥራ ነው።

አጀንዳው ብዙ ከሆነና «አንድ አባል» እያሉ መጻፍ የሚያምታታ ከሆነ «አባል ሀ»፣ «አባል ለ» በሉ። ነገር ግን በየስብሰባው ከመጀመሪያው ጀምሩ። ለአንድ ሰው አንድ ፊደል ሰጥታችሁ ዓመቱን ሙሉ ከተጠቀማችሁበት፣ በአምስተኛው ቃለ ጉባኤ ያ ፊደል ስም ሆኗል። የአባልነት ቁጥሩንም በስም ፈንታ አትጻፉ። ቁጥሩ ደብተሩ ላይ አለ፣ ደረሰኙ ላይ አለ፣ ጎረቤት አይቶታል።

ስለ ቁጥር ካነሣን ስልክና የባንክ ሂሳብን ልጨምር። ብዙ ጊዜ የስልኩን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ በኮከብ ተክተው ያወጣሉ። ሁለት አሃዝ ማለት መቶ አማራጭ ማለት ነው። ቴሌብር ላይ ቁጥር ስታስገቡ ብሩ ከመላኩ በፊት የባለቤቱን ስም ያሳያችኋል። የባንክ መተግበሪያም ሂሳብ ቁጥር ስትሰጡት ስም ያወጣል። ይሄ በስሕተት ለሌላ ሰው እንዳንልክ የተደረገ ጥሩ ነገር ነው። ለተንኮለኛ ግን መቶውን መሞከር የአንድ ማታ ሥራ ነው። ሙሉ ስልኩን ሰርዙት። ሙሉ ሂሳብ ቁጥሩን ሰርዙት። የፋይዳ ቁጥርም እንደዚሁ። አባላት ለውሳኔው የሚያስፈልጋቸው አንድም አሃዝ የለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ፊርማም አይለቀቅ። «ሰባቱም የኮሚቴ አባላት ፈርመዋል፣ ዋናው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ፊርማ ፎቶ ከተነሣ በኋላ የት እንደሚለጠፍ አይታወቅም። ማኅተሙም እንዲሁ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንሂድ። ምክንያቱም ምን እንደሚሸፈን አውቆ፣ አሸፋፈኑን ያበላሸ ብዙ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ስሙ ላይ ጥቁር ሣጥን ማስቀመጥ ነው። ሣጥኑ ስሙን ይጋርደዋል እንጂ አያወጣውም። ፊደሉ ከሥሩ አለ። በጃንዋሪ 2019 አሜሪካ ውስጥ የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች ፍርድ ቤት ያስገቡት ሰነድ እንዲህ ነበር። ጥቁሩን መስመር መርጦ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ የለጠፈ ጋዜጠኛ ሁሉ የተሸፈነውን አነበበ። ጠበቆቹ ገንዘብም እውቀትም ያላቸው ናቸው። እኛስ?

ደንቡ አንድ ነው። አትሸፍኑ፣ ተኩ። ስሙን ሰርዛችሁ በቦታው «አንድ አባል» ብላችሁ ጻፉ። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂ አውጡና በቅጂው ላይ ሥሩ። የፋይሉን ስም ለውጡ፣ ለምሳሌ «ለአባላት» የሚል ጨምሩበት፣ አለዚያ በጥድፊያ ዋናውን ትልካላችሁ። ስንቱ ገመና የወጣው በፋይል ስም መመሳሰል ነው።

ከተካችሁ በኋላ ቃሉን በ`Ctrl+F` ፈልጉ። እዚህ ላይ አማርኛ ያስቸግራል። «ኃይሉ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» አይመጡም። ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» ሁሉም እንዲህ ናቸው። አጠር ተደርጎ የተጻፈም አለ። «ገብረማርያም» መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ «ገ/ማርያም» ሦስተኛው ገጽ ላይ። በጥድፊያ «የአለሙ» ለማለት «ያለሙ» ተብሎ የተጻፈ ደግሞ አገኘሁ። «አለሙ» ብላችሁ ብትፈልጉት አይመጣም፣ ምክንያቱም «አ» በ«ያ» ውስጥ ተውጣለች። እኔ አሁን የስሙን የማይለዋወጡ ፊደላት ብቻ ነው የምፈልገው። «ለሙ» ብዬ። ብዙ የማይመለከተኝ ቃል ይመጣል፣ ግን አንዱም አያመልጥም። ከዚያ በኋላ ደግሞ በዓይን አነባለሁ፣ ፍለጋ ብቻውን አይበቃምና።

ወርድ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ። ሰብሳቢው በጎን የጻፈው አስተያየት፣ የተሰረዘና የተጨመረ ሁሉ ምልክት ሆኖ የተቀመጠበት ማሻሻያ፣ የጸሐፊው ስም። ከ`File` ወደ `Info`፣ ከዚያ `Check for Issues`፣ ከዚያ `Inspect Document` ግቡ። ያለውን ዘርዝሮ ያሳያችኋል፣ አስወግድ ስትሉት ያስወግዳል። ከዚያ በኋላ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ። በመጨረሻ ፒዲኤፉን ክፈቱና `Ctrl+A` ብላችሁ ሁሉንም መርጣችሁ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ባዶ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። እዚያ የሚታየው ነው በእውነት ያለው። ያወጣችሁት ስም እዚያ ከታየ ፋይሉ አይላክም። ይሄ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

መዝገባችሁ በእጅ የተጻፈ ከሆነ፣ ብዙዎቻችሁ እንደዚያ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ሁለት ስሕተት አያለሁ። አንደኛው ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በስልኩ ማድመቂያ ቀለም ስሙን ማጥቆር ነው። አንዳንዱ የስልክ ቀለም ብርሃን ያሳልፋል። ሦስት ጊዜ ብትቀቡት ጥቁር ይመስላል፣ የፎቶውን ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ግን ፊደሉ ይወጣል። ማደብዘዝም አይታመን። ሁለተኛው በማርከር አጥቁሮ ያንኑ ወረቀት መስጠት ነው። ወረቀቱን መስኮት ላይ ብትይዙት ይነበባል፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን ስለጎደጎደው ከጀርባም ይታወቃል።

እንዲህ አድርጉ። ገጹን ፎቶ ኮፒ አንሡ። ኮፒው ላይ የሚሸፈነውን ቦታ በነጭ ወረቀት ቁራጭ በሙጫ ለጥፋችሁ ሸፍኑ። ቁራጩ ላይ «አንድ አባል» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ያንን እንደገና ፎቶ ኮፒ አንሡ። የሚሰጠው ሁለተኛው ኮፒ ነው። የመጀመሪያው ይቀደዳል ወይም ከዋናው ጋር ይቆለፋል። ዋናው መዝገብ ላይ በምንም መንገድ ቀለም አይቀባም። እሱ ኦዲተርም ፍርድ ቤትም የሚያየው ማስረጃ ነው።

ቁራጮቹን በአንድ ልክ ቁረጡ። የስም ርዝመትም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዴቪድ ናካሽ እና ክሌር ዊላን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከቀረበ ማስታወሻ ላይ የጠቆረች አንዲት ቃል በርዝመቷ ለክተው፣ ከመዝገበ ቃላት ልክ የሚገቡትን አውጥተው «ግብጻዊ» የምትለው ቃል ናት ብለዋል። እኛ ጋ ደግሞ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። የአባላት ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሁለት ፊደል የሚሆን ክፍተትና ሰባት ፊደል የሚሆን ክፍተት ለየቅል ናቸው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ እኔ አንድ ፈተና አደርጋለሁ። ኮሚቴው ውስጥ ያልሆነ፣ ከተማውን ግን የሚያውቅ አንድ ታማኝ ሰው እጠራለሁ። ዋናውን አላሳየውም። የተሸፈነውን ብቻ ሰጥቼ «ማን ይመስልሃል?» እለዋለሁ። አምስት ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ገምቶ ካገኘ፣ በምን እንዳወቀ እጠይቀዋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው። ጠላ ቤት የምትለው ዓይነት። እሷን አወጣና ደግሜ አስነብባለሁ።

ከአባቶች አንዱ፣ የእድር ጸሐፊ የሆኑ መሪጌታ፣ ንግግሩን ስጨርስ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ሸፍኑ ሸፍኑ ብለህ ሌባውንም አስሸፈንከን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ ብድር ወስዶ ራሱ ቢያራዝምስ? እሱንም ‹አንድ አባል› እንበለው?»

«አይ የኔታ፣ እሱ ሌላ ነው» አልኳቸው። ሰው በተመረጠበት ኃላፊነት የሚሠራው የግል ገመናው አይደለም። ሰብሳቢው ስብሰባ መራ፣ ገንዘብ ያዡ ሪፖርት አቀረበ፣ ይሄ ከነማዕረጉ ይጻፋል። የኮሚቴ አባል ብድር ሲጠይቅ «ከኮሚቴው አባላት አንድ ሰው ብድር ጠይቀው፣ በውይይቱም በድምፁም አልተሳተፉም» ተብሎ ለአባላት መውጣት አለበት። ከስብሰባው ሳይወጡ ድምፅ ሰጥተው ከሆነ ደግሞ እሱም ይጻፋል፣ ማን እንደሆኑም ይጠቀሳል። የሚሸፈነው ብድሩን የጠየቁበት የቤት ችግር ነው። እኔ ራሴን የምጠይቀው እንዲህ ብዬ ነው፦ ይሄን መስመር ስሸፍን የሚጠቀመው ማን ነው? የተቸገረው ሰው ከሆነ እሸፍናለሁ። ኮሚቴው ከሆነ አልሸፍንም። ሰብሳቢው «ይሄን ሰርዘው» ሲለኝ ምክንያቱን በጽሑፍ አስቀምጥ እለዋለሁ። ደግሞ የተሸፈነ ነገር መኖሩ ይታወቅ። ከቅጂው ግርጌ «የግል መረጃ ያለባቸው ዝርዝሮች ከዚህ ቅጂ ወጥተዋል» ብዬ እጽፋለሁ። አባሉ ሙሉ ቃለ ጉባኤ እንደያዘ እንዳይመስለው።

መሪጌታ ትንሽ ዝም ብለው «ይሁን» አሉ። ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አልመሰለኝም። እሳቸው ያሉበት እድር ትንሽ ነው። እዚያ ማን የኮሚቴ አባል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ «ከኮሚቴው አንድ ሰው» ማለት ከአምስት አንዱ ማለት ነው። እውነታቸውን ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ገጹን ከማሰራጨት ይልቅ ውሳኔዎቹን ብቻ በጠቅላላ ጉባኤ በቃል ማንበብ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከኋላ አንዲት እህት ደግሞ «አያ፣ አንዴ ከወጣስ ምን ይደረጋል?» አለችኝ።

ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን ከሁሉም ሰው ማጥፋት ይቻላል፣ በዚያው ደቂቃ አጥፊው። ወደ ሌላ ሰው የተላለፈው ግን አይጠፋም፣ ስልክ ላይ የወረደውም አይጠፋም። ስለዚህ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም። ለሰውየው ወይም ለሴትየዋ ራሳችሁ ሂዳችሁ ንገሩ። ከሌላ አፍ እንዳይሰሙ። ምን እንደወጣ፣ መቼ እንደወጣ፣ ስንት ሰው ዘንድ እንደደረሰ ሳትቀንሱ ንገሩ። ለኮሚቴውም በጽሑፍ አሳውቁ። ቡድኑ ላይ «ይቅርታ፣ የእገሌ መረጃ በስሕተት ወጥቷል» ብላችሁ አትጻፉ፣ ያላየውም ሰው ያኔ ይፈልገዋል። «የቀድሞው ፋይል ስሕተት ስላለበት ተተክቷል» ማለት ይበቃል።

እኔ ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጠላ ቤቷ ሄድኩ። ደንበኞች ነበሩ፣ እስኪወጡ ጠበቅኩ። የሆነውን ነገርኳት። ቀድማ ሰምታ ነበር። አልተቆጣችም፣ ለረጅም ጊዜም አልተናገረችም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «መዝገቡ ላይስ ምን ብለህ ነው የጻፍከኝ? እሱን አሳየኝ» አለች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እሷ የተጻፈውን እሷ ራሷ አይታው እንደማታውቅ አላሰብኩም ነበር። በማግስቱ ጽሕፈት ቤት መጣች። ገጹን ከፍቼ፣ የሌሎቹን ሰዎች አጀንዳ በወረቀት ከልዬ፣ የእሷን መስመር አነበብኩላት። «በሳምንት ሁለት ጊዜ» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። «ሦስት ነው» አለች። በቀጣዩ ስብሰባ አስተካከልነው።